ፈርጡ በዓይን ያብረቀርቃል፣ ፎቶው ላይ ግን ይሞታል፤ ገጾቹ ጥርት ብለው እንዲወጡ ምን ላድርግ?

ቀለበት ሠሪዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የብር ቀለበት እሠራለሁ፤ ሥራዬን ለሰው የማሳየው ደግሞ በፎቶ ነው። አሁን በእጄ ያለው ቀለበት አንድ ክብ ነጭ ፈርጥ አለው፤ ስፋቱ 6.5 ሚሊሜትር ሲሆን በአራት ጥፍር ተይዟል። በዓይኔ ሳየው ደስ ይላል። ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው ብልጭታው ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይዘላል።

ፎቶው ላይ ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። ገጾቹ የሚገናኙባቸው መስመሮች ደብዝዘዋል። መሃሉ ግራጫ ነው። ብልጭታ የሚባል ነገር የለም፤ ተራ ብርጭቆ ነው የሚመስለው።

የምጠቀመው 100 ሚሊሜትር ማክሮ ሌንስ ነው፤ ካሜራው ፉል ፍሬም፣ 24 ሜጋፒክስል። ትራይፖድ አለኝ። ቀለበቱን በሁሉም በኩል ነጭ በሆነ የብርሃን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ሁሉም ቦታ ፎከስ ውስጥ እንዲገባ ብዬ አፐርቸሩን f/22 ላይ አድርጌዋለሁ። ሹተሩ አንድ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ የምነካው በእጄ ሳይሆን በሁለት ሰከንድ ታይመር ነው። ችግሩ ከሌንሱ ነው ወይስ ከእኔ አሠራር?

ፎቶ በረከት

እህቴ፣ መልሱ ግልጽ ነው፤ ካሜራሽ ተነቃንቋል። በዚህ ርቀት አንድ ሰከንድ ረጅም ጊዜ ነው። ሰው በክፍሉ ሲያልፍ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ ትራይፖዱም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከባድ ትራይፖድ አድርጊ፣ ታይመሩን ወደ አሥር ሰከንድ ውሰጂው፣ አለቀ። f/22 ጥሩ ነው፤ አትንኪው።

ማክሮ ጋሼ

በረከት፣ ስለ መንቀጥቀጡ ያልከው እውነት ነው፤ በማክሮ ሥራ ብዙ ፎቶ ያበላሻል። ግን ገና ሳናይ አንፍረድ። ብዥታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፎቶውን 100% አጉልቶ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል።

ካሜራው ተነቃንቆ ከሆነ ብዥታው አቅጣጫ አለው። እያንዳንዷ የብርሃን ነጥብ ወደ አንድ ወገን ትጎተታለች፤ ወይም መንታ ትሆናለች። ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱት መስመሮች ሲደበዝዙ አግድም ያሉት ጥርት ብለው ይቀራሉ፣ ወይም በተቃራኒው።

ፎከሱ ከቦታው ወጥቶ ከሆነ ደግሞ የሆነ ቦታ ላይ ጥርት ያለ ነገር ይገኛል። ፈርጡ ደብዝዞ የጥፍሩ ጫፍ ላይ ያለች ጭረት እንደ መርፌ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ሦስተኛው ዓይነት ሁሉም ቦታ እኩል ለስላሳ ሆኖ፣ አቅጣጫም ሳይኖረው፣ የትም ጥርት ያለ ነገር ሳይገኝ ሲቀር ነው። ያ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ልጄ፣ እስቲ ጥፍሮቹንና የፈርጡን ጠርዝ አጉልተሽ እዪና የትኛው እንደሆነ ንገሪን።

ቀለበት ሠሪዋ

ጋሼ አመሰግናለሁ። አጉልቼ አየሁት። ሦስተኛው ነው። ጥፍሮቹም፣ ፈርጡም፣ ከኋላ ያለው ቀለበቱም እኩል ለስላሳ ናቸው። ወደ አንድ ወገን የተጎተተ ነገር የለም። ሁሉም ነገር ፎከስ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ግን አንዱም ጥርት አይልም።

ማክሮ ጋሼ

እንግዲያው f/22 ነው የበላሽ።

የ f ቁጥሩ በጨመረ መጠን የሌንሱ ቀዳዳ ይጠብባል፤ ብርሃን ደግሞ በጣም ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ይበተናል። ይህ የሌንስ ጥራት ጉዳይ አይደለም፤ ውዱም ርካሹም ሌንስ እኩል ይመታል። በሩቅ ፎቶ ብዙም አያስቸግርም። አንቺ ግን የምታነሺው ቀለበቱን በእውነተኛ መጠኑ፣ አንድ ለአንድ ነው። በዚህ ርቀት ሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክለኛውን ነገር አይነግርሽም። በግምት እጥፍ አድርገሽ ቁጠሪው። f/22 ያልሽው በተግባር f/44 ነው የሚሠራው።

በ f/44 አንዲት የብርሃን ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ስታርፍ ወደ 60 ማይክሮን የምትሰፋ ክብ ትሆናለች። የካሜራሽ አንድ ፒክስል ደግሞ 6 ማይክሮን አካባቢ ነው። ስለዚህ ነጥብ መሆን የነበረባት ነገር አሥር ፒክስል ላይ ተዘርግታለች ማለት ነው። የሁለት ገጾች መገናኛ መስመር ከዚያ በጣም ይቀጥናል። ከየት ይምጣ?

ወደ f/5.6 አውርጂው። በተግባር f/11 ይሆናል፤ ነጥቧም ወደ 15 ማይክሮን ትወርዳለች። መስመሮቹ ብቅ ሲሉ ያኔ ታያለሽ።

በርግጥ ሌላ ችግር ይመጣል። በ f/5.6 በአንድ ፎቶ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ለዚህ መፍትሔው ስታኪንግ ነው። ፎከሱን በትንሽ በትንሹ እያራቅሽ ብዙ ፎቶ ታነሺያለሽ፤ በኋላ ሶፍትዌሩ ከየፎቶው ጥርት ያለውን ክፍል ለቅሞ ያዋህደዋል። በአንቺ ሁኔታ እርምጃው ሩብ ሚሊሜትር ይሁን። ከፈርጡ አናት እስከ ቀለበቱ ትከሻ ድረስ ያለው ጥልቀት 6 ሚሊሜትር ነው ብንል 24 ፎቶ ይበቃል። ሁለት ሦስት ትርፍ ከፊትና ከኋላ ጨምሪበት።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። የቀለበቱን የኋላ ክፍል ሁሉ ጥርት ላድርግ አትበይ። እሱ ደብዘዝ ቢል ፎቶው ያምራል። ጥርት ማለት ያለበት ሰው የሚያየው ፈርጡና ጥፍሮቹ ናቸው።

ስልኬ ይበቃል

ይቅርታ፣ በመሃል ስለገባሁ። እኔ የማነሳው በስልክ ነው፤ ችግሬም ተመሳሳይ ይመስለኛል። ቀለበቱን በጣም ጠጋ ብዬ ሳነሳው ፈርጡ ይገዝፋል፤ ፊት ያለው ጥፍር እንደ አውራ ጣት ያብጣል፤ ክቡ ቀለበት ደግሞ ወደ ኋላ ቀጥኖ እንቁላል ይመስላል። f የሚባለውን ነገር ስልኬ ላይ የት ነው የምቀይረው?

ጥቁር ካርቶን

ወንድሜ፣ ያንተ ብዥታ አይደለም። ቅርጽ መዛባት ነው፤ ምክንያቱም ርቀት ብቻ ነው። ስልክህን ከቀለበቱ ሦስት ሴንቲሜትር ላይ ስታደርገው የፊተኛው ጥፍር ሦስት ሴንቲሜትር ላይ ነው፣ የቀለበቱ ጀርባ ግን አምስት ሴንቲሜትር ላይ። ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው? ፊት ያለው ቢገዝፍ አይገርምም።

ብዙ ስልኮች ጠጋ ሲባሉ ሳይነግሩህ ወደ ሰፊው ሌንስ ይቀይራሉ። ማክሮ የሚለውን አጥፋው። ወደ ኋላ ራቅ በልና ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ በሚያቀርበው ሌንስ አንሳ። ከ25 ወይም ከ30 ሴንቲሜትር ብታነሳው የፊትና የኋላ ርቀት ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል፤ ክቡም ክብ ሆኖ ይቀራል። ፈርጡ ፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ቢወጣ በኋላ ዙሪያውን ቁረጠው፤ ግድ የለም።

አፐርቸር አብዛኛው ስልክ ላይ አይቀየርም። አትፈልገው።

አሁን ወደ ጠያቂዋ ልመለስ፤ ስለ ብርሃኑ ማንም ምንም ስላላላት። እህቴ፣ ጋሼ ያሉሽን ሁሉ ብታደርጊ ገጾቹ ጥርት ይላሉ። ብልጭታ ግን አይኖርም። ብልጭታውን የገደለው ሳጥኑ ነው።

ፈርጥ የራሱ ብርሃን የለውም። እያንዳንዱ ገጽ ትንሽ መስታወት ነው፤ ዙሪያውን ያለውን ነገር መልሶ ያሳይሻል። ዙሪያው ሁሉ ነጭ ከሆነ ሁሉም ገጽ ነጭ ያሳያል። ነጭ ከነጭ አጠገብ ምን ይለየዋል? መስመሩ ቢኖርም አይታይም። ብልጭታ ማለት ብሩህ ገጽ ከጨለማ ገጽ አጠገብ ሲሆን ነው። ጨለማውን ካላመጣሽለት ብሩህ የሚባል አይኖርም።

ብረቱ ግን ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው። የተወለወለ ብር ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ይወዳል፤ ካለዚያ ጥቁርና ነጭ ዝብርቅርቅ ይሆንበታል። ስለዚህ ለሁለቱ ሁለት ብርሃን ስጪ። እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። ሳጥኑን አወጣለሁ። ከቀለበቱ በአንድ ጎን ስስ ነጭ ወረቀት ቀስት አድርጌ አቆማለሁ፤ ከወረቀቱ ኋላ አንድ መብራት። ይኼ ለብሩ ነው። በሌላው ጎን ጥቁር ካርቶን። ከዚያ ከላይ፣ ትንሽ ከኋላ፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ አንድ ትንሽ ኤልኢዲ ያለ ምንም መሸፈኛ። ይኼኛው ለፈርጡ ብቻ ነው።

ትንሹን መብራት በእጅሽ ይዘሽ ስክሪኑን እያየሽ ቀስ ብለሽ አዟዙሪው። ገጾቹ አንድ በአንድ ሲበሩና ሲጠፉ ታያለሽ። ሲሶ ያህሉ ሲበሩ አቁሚ። ሁሉም እንዲበሩ አትፈልጊ፤ ከዚያ ወዲያ ፈርጡ ጠፍጣፋ መምሰል ይጀምራል። መብራቱን እዚያው እሰሪውና ስታኪንጉን ጀምሪ። በፎቶዎቹ መሃል መብራቱ በአንድ ጣት ስፋት እንኳ ቢንቀሳቀስ ሌሎች ገጾች ይበራሉ፣ ሥራሽም ይበላሻል።

ቀለበት ሠሪዋ

ይኼ በጣም ገባኝ። መሃሉ ግራጫ የሆነውስ? እሱም ከሳጥኑ ነው?

ጥቁር ካርቶን

እሱ ካሜራሽ ራሱ ነው። በደንብ የተቆረጠ ክብ ፈርጥ ከፊት የገባለትን ብርሃን ወደ መጣበት ነው የሚመልሰው። ቀጥ ብለሽ ከላይ ስታነሺ ከፊት ያለው ሌንስሽ ነው፤ ሌንስሽ ጨለማ ነው፤ ፈርጡም ያንን ጨለማ ያሳይሻል። ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ፣ ቀለበቱን ጥቂት ዲግሪ አዘንብይው። ሁለተኛ፣ ራቂ። ሌንሱ በራቀ ቁጥር ከፈርጡ ሰማይ ላይ የሚይዘው ቦታ ይጠብባል፤ ጨለማውም ይጠብባል። ለስልኩ ወንድማችን ርቀት ቅርጹን እንዳዳነው፣ ላንቺ ደግሞ መሃሉን ያድንልሻል። ፈርጡን ትንሽ አሳንሰሽ አንሺውና በኋላ ቁረጪው።

ጨለማውን ሙሉ በሙሉ ግን አታጥፊው። በዓይን ስታዪውም እኮ ከመሃል የሚወጡ ጥቁር ጨረሮች አሉ፤ ፈርጡን ፈርጥ የሚያስመስሉት እነሱ ናቸው።

ፎቶ በረከት

ለነጸብራቅ ከሆነ ሌንሱ ፊት ላይ ፖላራይዘር መግጠም ነው። መስታወትና ውኃ ላይ ያለውን ነጸብራቅ እንደሚያጠፋ ሁሉ እዚህም ያጠፋል።

ማክሮ ጋሼ

በረከት፣ ጠያቂዋ እኮ ነጸብራቁ በዛብኝ አላለችም፤ ጠፋብኝ ነው ያለችው። ብልጭታው ራሱ ነጸብራቅ ነው። ፖላራይዘር ከብረት ላይ የሚመለስ ብርሃንን እንደ ውኃው አይነካውም። ፈርጡ ላይም በገደምዳሜ ስታይ እንጂ ፊት ለፊት ስታይ ብዙ አይሠራም። የሚያመጣው ነገር ቢኖር ብርሃኑን ቀንሶ ሹተሩን ማስረዘም ነው። በቀለም ድንጋዮች ላይ፣ ከላይ የተኛ ነጭ ግርዶሽ የውስጡን ቀለም ሲሸፍን ግን ይጠቅማል። እዚያ ላይ ትክክል ነህ።

ፈርጥ ለቃሚ

እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁም፤ ድንጋይ ነው ሥራዬ። ሁላችሁም ስለ ካሜራ አወራችሁ፤ ፈርጡ ታጥቧል ወይ ያለ ግን የለም።

ከላይ ያለውን ገጽ ሁሉም ሰው ይጠርገዋል። ዋናው ከሥር ነው። ብርሃኑ ከላይ ገብቶ ከሥር ባሉት ገጾች ላይ ተመትቶ ነው የሚመለሰው። ያ የሚሆነው ከሥር አየር ሲኖር ነው። የጣት ቅባት ወይም የሳሙና ዝቃጭ ከተለጠፈበት ብርሃኑ በቅባቱ በኩል ሾልኮ ይወጣል። በቁጥር ላስቀምጥላችሁ። አልማዝ ከሥሩ አየር ካለው፣ ከቀጥታው ከ24 ዲግሪ ትንሽ በላይ ያዘነበለ ብርሃን ሁሉ ይመለሳል። ውኃ ብቻ እንኳ ቢነካው ያ ወሰን ወደ 33 ዲግሪ ይገፋል። ቅባት ደግሞ ከውኃ ይብሳል። ለነጩ ሰው ሠራሽ ድንጋይም ነገሩ ያው ነው። ወተት የመሰለ ድብዘዛ አለው ካላችሁኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይኼንን ነው።

ለብ ያለ ውኃ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ በጣም ለስላሳ ብሩሽ። ብሩሹን ከጥፍሮቹ ሥር በጀርባ በኩል አስገብታችሁ እሹ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ፤ አየር በሚነፋ ፓምፕ አድርቁት። ከዚያ በኋላ በባዶ ጣት አትንኩት። ይኼ ለጠንካራ ድንጋይ ነው። ዕንቁ፣ ኦፓልና መረግድ በዚህ መንገድ አይታሹም፤ ለነሱ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል።

ቀለበት ሠሪዋ

ሁሉንም አደረግኩ፤ ውጤቱን ላካፍላችሁ።

ከጀርባው ያወጣሁትን ቆሻሻ ባየሁ ጊዜ ደነገጥኩ። የውልወላ ቅባት ነው፤ ከሥር ሙሉ በሙሉ ለብሶት ነበር። ካጠብኩት በኋላ ገና ካሜራ ሳይደርስበት ሌላ ድንጋይ መሰለ።

ከዚያ f/5.6፣ በሩብ ሚሊሜትር እርምጃ። ሳጥኑን ትቼ ወረቀቱን፣ ጥቁር ካርቶኑንና ትንሿን መብራት አደረግኩ። አሁን ገጾቹን መቁጠር ይቻላል። ከአናቱ ጠፍጣፋ ገጽ ዙሪያ ያሉት ሦስት ማዕዘኖች፣ ከነሱ ቀጥሎ ያሉት ትልልቆቹ፣ ሁሉም ጠርዛቸው እንደ ምላጭ ነው። አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ የወረቀቱ ቀስት ጫፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁላችሁም ተባረኩ።

ሁለት ነገር ግን ቀረኝ። አንደኛ፣ በጥፍሮቹ ዙሪያ፣ ፈርጡ ላይ፣ ደብዛዛ ጥላ የመሰለ ቀለበት አለ። ሁለተኛ፣ ፈርጡን አዘንብዬ ባነሳሁት ላይ ከሥር ያሉት መስመሮች መንታ ናቸው። ከላይ ያሉት መስመሮች ነጠላና ጥርት ያሉ ናቸው፤ ከሥር ያሉት ብቻ ሁለት ሁለት ሆነው ይታያሉ።

ፎቶ በረከት

ሁለተኛውን እኔ አውቀዋለሁ። ስታኪንጉ ሲዋሃድ ፎቶዎቹ በደንብ አልተገጣጠሙም። በፎቶዎቹ መሃል ካሜራው ትንሽ ሸርተት ብሏል።

ማክሮ ጋሼ

ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫውም ቀላል ነው። ከተዋሃደው ውጪ አንዷን ነጠላ ፎቶ ክፈቺና ከሥር ያለው መስመር ፎከስ ውስጥ ያለባትን እዪ። በነጠላዋ ላይም መንታ ከሆነ ስታኪንጉ ንጹሕ ነው።

ስለ ጥፍሩ ጥላ ልንገርሽ። ጥፍሩ ከፈርጡ ፊት ቀድሞ የቆመ ነው። ፎከሱ ፈርጡ ላይ ሲሆን ጥፍሩ ይደበዝዛል፤ ሲደበዝዝ ደግሞ ይሰፋል፤ ሰፍቶም አጠገቡ ያለውን የፈርጥ ገጽ ይሸፍነዋል። ፎከሱ ጥፍሩ ላይ ሲሆን ደግሞ ያ ገጽ ራሱ ይደበዝዛል። ስለዚህ ያቺ ጠባብ ቦታ ጥርት ብላ የተነሳችበት ፎቶ ከ24ቱ ውስጥ አንድም የለም። ሶፍትዌሩ የሌለውን ከየት ያምጣ?

መውጫው ጥፍሩ የሚሰፋውን መቀነስ ነው። f/8 ላይ አንድ ዙር ደግመሽ አንሺ፤ ገጾቹ ጥቂት ይለሰልሳሉ፣ ጥላው ግን ይጠብባል። ከዚያ በማስተካከያው ብሩሽ በጥፍሮቹ ዙሪያ ያለውን ብቻ ከዚያኛው ዙር አምጥተሽ ቀቢው። ዜሪን ስታከር የሚባለውን የማዋሃጃ ሶፍትዌር የምትጠቀሚ ከሆነ ለፈርጡ PMax የሚለው ዘዴ፣ ለብሩ ደግሞ DMap የሚለው ይሻላል። የመጀመሪያው ጥቃቅን ጠርዞችን በደንብ ይይዛል፤ ግን ለስላሳው ብር ላይ የፎቶውን ሽርክት ያጎላል። ሁለተኛው ለስለስ ያለውን ብር እንዳለ ይተወዋል።

ብሩ ላይ ደግሞ አንድ የምታስተውይው ነገር አለ። ብሩ ላይ ያለው ጭረትና ብሩ ውስጥ የሚታየው የወረቀቱ ነጸብራቅ አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። ጉብ ያለ ብረት ነጸብራቁን ከወለሉ በስተጀርባ ነው የሚያሳየው። የቀለበቱ ጉብታ ራዲየሱ 10 ሚሊሜትር ከሆነ ነጸብራቁ ወደ 5 ሚሊሜትር ገባ ብሎ ነው ፎከስ የሚሆነው። ስለዚህ ስታኪንግሽ ብሩ ወለል ላይ ካቆመ የነጸብራቁ ጠርዝ ለስላሳ ይሆናል። እኔ ለስላሳውን እመርጣለሁ፤ ዓይን ብሩን እንጂ ወረቀቱን እንዳያይ። ሌላው ሰው ጥርት ያለውን ይወድ ይሆናል።

ቀለበት ሠሪዋ

ነጠላዋን ፎቶ ከፈትኩ። መንታ ነው፤ እዚያም።

ፈርጥ ለቃሚ

እንደጠረጠርኩት። ልጠይቅሽ፤ ድንጋዩን ስትገዢው ምን ተባልሽ?

ቀለበት ሠሪዋ

ኪዩቢክ ዚርኮኒያ።

ፈርጥ ለቃሚ

አይደለም። ኪዩቢክ ዚርኮኒያ እንዲህ አያደርግም፤ አልማዝም አያደርግም። ሁለቱም ብርሃንን ነጠላ አድርገው ነው የሚያሳልፉት። አንዳንድ ድንጋዮች ግን የገባላቸውን ብርሃን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ያኔ ከሥር ያለው ጠርዝ ሁለት ሆኖ ይታያል። በነጭ ድንጋይ ይኼን በጉልህ የሚያደርጉት ሞይሳናይትና ዚርኮን የተባለው የተፈጥሮ ድንጋይ ናቸው። ስሙ ከኪዩቢክ ዚርኮኒያ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ድንጋይ ነው።

ቀጥ ብለሽ ከላይ ባነሳሽው ላይ መንታው ያልታየሽ ለዚህ ነው። ሞይሳናይት ሲቆረጥ ብርሃን የማይከፈልበት አቅጣጫ ወደ አናቱ እንዲሆን ተደርጎ ነው። ስታዘነብዪው ከዚያ አቅጣጫ ትወጫለሽ፤ መስመሮቹም ይከፈላሉ። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ ያዢና ከአናቱ ሳይሆን በጎን ባሉት ገጾች በኩል ወደ ሥር ተመልከቺ። በዓይንሽም ታዪዋለሽ።

ስለዚህ ብዥታ መስሎሽ ለማጥፋት አትድከሚ። ካሜራሽ እውነቱን ነው የነገረሽ። መንታው ካልተመቸሽ ቀጥ ካለው አቅጣጫ ብዙ ሳታርቂ አንሺው።

ስልኬ ይበቃል

ለካ ፎቶ ድንጋይ ይለያል! እኔ ጋ በሙቀት የሚለካ ቴስተር አለ፤ እሱ አልማዝ ነው ካለ አልማዝ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

ፈርጥ ለቃሚ

በሙቀት ብቻ የሚለካው ቴስተር ሞይሳናይትንም አልማዝ ነው ይላል፤ ሁለቱም ሙቀትን ፈጥነው ያሳልፋሉና። መንታ መስመሩ ግን አይዋሽም። የሷ ድንጋይ ሞይሳናይት ይሁን ዚርኮን ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ድንጋይ የሚመረምር ሰው በእጁ ይዞ ይየው። ለገዢ ስሙን ከመጻፏ በፊት ግን የግድ ማስመርመር አለባት።

ቀለበት ሠሪዋ

በማጉያ አየሁት፤ በጎን በኩል ሁለት ሁለት ነው። አስመረምረዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። በዓይኔ ሳየው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካን ብልጭታ ያወጣል። ፎቶው ላይ ብልጭታው አሁን ጥርት ያለ ነው፤ ግን ነጭ ብቻ ነው። ቀለሙ የት ሄደ?

ጥቁር ካርቶን

ከልክ በላይ በርቶ ይሆናል። የበራው ገጽ ከካሜራው አቅም ካለፈ ቀለም ቢኖረውም ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። አንድ ስቶፕ፣ አንድ ተኩል ስቶፕ አጨልመሽ አንሺና እዪው። ሂስቶግራሙ ላይ የቀኙ ጠርዝ ላይ የተከመረ ነገር እንዳይኖር።

ማክሮ ጋሼ

እሱ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላም አለ፤ ይኼኛው ግን ከነገርኩሽ ምክር ጋር ይጋጫል።

ከፈርጡ የሚወጣው ብርሃን በቀለም ተዘርግቶ ነው የሚመጣው፤ ቀዩ እዚህ፣ ሰማያዊው ትንሽ አለፍ ብሎ። የዓይንሽ ብሌን ጠባብ ስለሆነች ከተዘረጋው ውስጥ አንዱን ቀለም ብቻ ትይዛለች። 100 ሚሊሜትር ሌንስ በ f/5.6 ግን ቀዳዳው 18 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቀዩንም ሰማያዊውንም አንድ ላይ ይቀበላቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነጭ ናቸው። በ f/16 ቀዳዳው ወደ 6 ሚሊሜትር ይጠብባል፤ ቀለሙም ይመለሳል። ጥርትነቱ ግን ይሄዳል።

እኔ f/5.6 ላይ ስታኪንጉን ካነሳሁ በኋላ፣ መብራቱንም ካሜራውንም ሳልነካ፣ አንድ ፎቶ በ f/16 እጨምራለሁ። ከእሱ ላይ የብልጭታዎቹን ቀለም ብቻ ወስጄ በጥርቱ ፎቶ ላይ አሳርፈዋለሁ። ጠርዙ ከአንዱ፣ ቀለሙ ከሌላው።

ጥቁር ካርቶን

ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። በ f/16 የሚበሩት ገጾችና በ f/5.6 የሚበሩት ሁሌ አንድ አይደሉም። ሰፊው ቀዳዳ ጠባቡ የማያየውን ብልጭታ ያያል። ሲዋሃዱ ካሜራ ፊት ያልነበረ ፈርጥ ነው የሚወጣው። እኔ ሌንሱን f/8 ላይ አድርጌ፣ እጥፍ ርቄ፣ መብራቱን ይበልጥ ትንሽ ማድረግን እመርጣለሁ። ከሩቅ ሲሆን ያው ቀዳዳ ለፈርጡ ጠባብ ነው። ቀለሙ ያንሳል፤ ግን ያለው ሁሉ እዚያ የነበረ ነው።

ማክሮ ጋሼ

የራቅክ ጊዜ ፈርጡ ላይ የሚያርፈው ፒክስል ወደ ሩብ ይወርዳል። በትልቁ ለሚታተም ፎቶ አይበቃኝም። በስክሪን ለሚታይ ግን ያንተ መንገድ ይሠራል፤ ያንን አልክድም።

ቀለበት ሠሪዋ

የእኔ ለስክሪን ነው። መጀመሪያ አጨልሜ፣ ርቄ፣ በ f/8 እሞክራለሁ። ካልሆነልኝ የጋሼን እሞክርና ሁለቱንም ጎን ለጎን እዚሁ አስቀምጣቸዋለሁ።